የረጅም ቻት ቃለ ጉባኤ

ሠርጓን የምታዘጋጅ አንዲት ደንበኛ ከቻት አገልግሎታችን ጋር ስትነጋገር በ22ኛው ዙር፣ ማለትም በ22ኛው የመልእክትና የመልስ ልውውጥ፣ የተላከላት የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ክትፎ ነበረበት። «ክትፎ አንፈልግም ብዬ አልነበር እንዴ?» ብላ ጻፈች። በእርግጥም ብላ ነበር፤ በ8ኛው ዙር ላይ፣ ያውም ከነምክንያቱ፦ አምና በእህቷ ሠርግ ተርፎ ተደፍቶ ነበርና። ይህን በቴሌግራም የሚሠራ የቻት አገልግሎት ለአንድ የድግስ አዘጋጅ ድርጅት የሠራነው እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ነን፤ ስለዚህ ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ ለማወቅ መዝገቡን ማገላበጥ ነበረብን። ያገኘነውም ከጠበቅነው የተለየ ነበር። መልሱን የሚጽፈው የቋንቋ ሞዴል የተሰጠውን በትክክል አንብቧል። የተሳሳተው እኛ በ20ኛው ዙር ላይ የቆየውን ንግግር ለማሳጠር ያስጻፍነው ማጠቃለያ ነው።

ማጠቃለያው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አንድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን ነገር ማወቅ ይበቃል። የቋንቋ ሞዴል በአንዱ መልእክትና በቀጣዩ መካከል የሚያስታውሰው ነገር የለም። ደንበኛዋ አዲስ መልእክት በላከች ቁጥር ፕሮግራማችን ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት የተባለውን ሁሉ አሰባስቦ እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ለሞዴሉ ይልካል፤ ሞዴሉም ያንን እንደ አዲስ አንብቦ ይመልሳል፤ ከመለሰ በኋላም ምንም አይዝም። በየስብሰባው አዲስ ጸሐፊ የሚቀመጥበትን እድር አስቡ። ጸሐፊው ስለ እድሩ የሚያውቀው እዚያው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠለትን ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ለእርሱ ያልተደረገ ነው።

ጠረጴዛው ደግሞ ጠባብ ነው። አንድ ሞዴል በአንድ ጊዜ ሊያነብና ሊጽፍ የሚችለው ጽሑፍ ወሰን አለው፤ ወሰኑም የሚለካው በቃላት ሳይሆን በቶክን፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፍን በሚቆራርጥባቸው ቁርጥራጮች ነው። እኛ በራሳችን ማሽን ላይ የምናስኬደው አነስተኛ ሞዴል ወሰኑ 8,192 ቶክን ነው። አማርኛ ላይ ይህ ቁጥር ከሚመስለው በጣም ያንሳል። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ቶክን ይሆናል። የኛ ፊደል ግን ኮምፒውተሮች ጽሑፍን በሚያከማቹበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ሠርግ» የምትለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ባይት ናት፤ የሞዴሉ ቆራጭ ሲዘጋጅ አማርኛን በብዛት ካላየ ደግሞ ቃሏን እስከ ዘጠኝ ቁራጭ ድረስ ሊበጣጥሳት ይችላል። በኛ ሞዴል አንድ የአማርኛ ቃል በአማካይ ከስድስት እስከ ሰባት ቶክን ይወስድ ነበር። ስለዚህ ቃል እየቆጠሩ «ገና ነው» ማለት ያሳስታል፤ ሞዴሉ ራሱ በሚጠቀምበት ቆራጭ መቁጠር ግድ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። ከ8,192ቱ ላይ ለአገልግሎቱ ቋሚ መመሪያ 700፣ ሞዴሉ ለሚጽፈው መልስ 1,000 ይነሳል፤ መልሱም ከዚያው ወሰን ውስጥ እንደሚቆጠር ብዙ ጀማሪ ይረሳዋል። ትንሽ መጠባበቂያ ስንተው ለንግግሩ የሚቀረው 6,000 ያህል ነው። አንድ ዙር በአማካይ 300 ቶክን ይሆናል፤ እንግዲህ ጠረጴዛው በ20 ዙር ይሞላል። ሠርግ ደግሞ በ20 ዙር የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ከቆየው ጀምሮ መጣል ነው፦ 21ኛው ዙር ሲመጣ አንደኛው ይወጣል። ለተራ ጨዋታ ይህ በቂ ነው። ለሥራ ጉዳይ ግን ሰው መሠረቱን የሚናገረው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቀኑ፣ የእንግዳው ቁጥርና ቦታው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተነግረው ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይደግማቸውም። ከላይ ጀምሮ መጣል ማለት እነዚያኑ ቀድሞ መጣል ማለት ነው። ሌላው መፍትሔ ወሰኑ ሰፊ የሆነ ሞዴል መውሰድ ነው። ይህ ዛሬ እንደ ድሮው ሕልም አይደለም፤ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂፒቲ-4 ሲጀምር 8,192 ቶክን ነበር፤ ከአንድ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ጎግል እስከ አንድ ሚሊዮን ቶክን የሚይዝ ጀሚናይ 1.5ን አስተዋውቋል። ሆኖም ጽሑፉ በየዙሩ እንደ አዲስ ስለሚላክ ወጪው ይደራረባል፤ ከላይ ያለው የ20 ዙር ንግግር በራሱ 6,000 ቶክን ቢሆንም፣ በየዙሩ የተነበበውና የተጻፈው ሲደመር 63,000 ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መካከል የተቀበረን ነገር ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ይልቅ ችላ የማለት ጠባይ እንዳላቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። ጠረጴዛውን ማስፋት የወረቀቱን ዝርክርክነት አያስተካክልም።

ስለዚህ የቆየውን ማጠቃለል ይቀራል፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዙሮች እንዳሉ ትቶ፣ ከእነርሱ በፊት ያለውን ወደ አጭር ማስታወሻ መለወጥ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ኮዱም ከሐሳቡ የከፋ አይደለም፦

```python
HIGH, KEEP = 6000, 6

if count(summary, turns) >= HIGH:
    old, turns = turns[:-KEEP], turns[-KEEP:]
    summary = summarize(summary, old)
```

ንግግሩ 6,000 ቶክን ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ስድስት ዙሮች፣ ማለትም 1,800 ቶክን፣ ቃል በቃል ይቆያሉ፤ የቀሩት 14 ዙሮች 500 ቶክን ወደምታክል ማጠቃለያ ይገባሉ። ድምሩ 2,300 ይሆናል፤ ቀጣዩ ማጠቃለያ የሚያስፈልገውም ወደ 33ኛው ዙር ገደማ ነው። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ከማጠቃለል ይልቅ እንዲህ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ማድረጉ ይመረጣል፤ አንደኛ እያንዳንዱ ማጠቃለል የራሱ ወጪና የራሱ የስሕተት ዕድል አለው፤ ሁለተኛም ሞዴል የሚያቀርቡ ብዙ አገልግሎቶች የጽሑፉ መጀመሪያ ካልተቀየረ ቀድሞ ያነበቡትን በርካሽ ይጠቀሙበታል፤ ማጠቃለያው የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው መጀመሪያ ላይ ነው፤ በየዙሩ ከተነካካ ይህ ጥቅም ይጠፋል። ጠረጴዛው እስከ ጫፉ እስኪሞላ መጠበቅም አይገባም፤ ማጠቃለያውን የሚጽፈው ያው ሞዴል እስከሆነ ድረስ የሚጠቃለለው ጽሑፍ፣ መመሪያውና የሚወጣው ማጠቃለያ በአንድ ላይ ከወሰኑ በታች መሆን አለባቸው።

የመጨረሻዎቹ ዙሮች ለምን ቃል በቃል ይቆያሉ? ሰው ሲነጋገር «እሱኑ አድርጉት»፣ «ያኛው ይሻላል» ይላል፤ «ያኛው» የሚያመለክተው ከሁለት ዙር በፊት የተባለውን ነው። ያ ዙር ወደ ማጠቃለያ ከገባ «ያኛው» ባለቤት ያጣል። በዚሁ ምክንያት መቁረጫው ሁልጊዜ በዙር መጨረሻ ላይ መዋል አለበት። በጥያቄና በመልስ መካከል ከተቆረጠ ማዶ «አዎ» ብቻውን ቆሞ ይቀራል፤ ለምን «አዎ» እንደተባለ ግን የሚያውቅ የለም። ሞዴሉ ዋጋ ለማምጣት ሌላ ፕሮግራም የሚጠራ ከሆነም ጥሪውና ውጤቱ አይነጣጠሉም፤ ብዙ አገልግሎቶች እንዲህ የተነጣጠለ ነገር ሲደርሳቸው ጥያቄውን ጨርሶ አይቀበሉም።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የቆጠራ ነው። እኛ የወደቅነው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው። ለሞዴሉ የሰጠነው ትእዛዝ «ከዚህ በላይ ያለውን ንግግር በአጭሩ አጠቃልል» የሚል ብቻ ነበር፤ የወጣውም ማጠቃለያ ይህ ነው፦

> ደንበኛው ጥር 17 ለሚደረግ ሠርግ ድግስ ማዘጋጀት ይፈልጋል። የእንግዳው ቁጥር 300 እንዲሆን ተነጋግረናል። ስለ ጥሬ ሥጋ፣ ስለ ክትፎ፣ ስለ ዶሮ ወጥና ስለ ጠጅ ተወያይተናል። 40 ሙስሊም እንግዶች አሉ። ከቤተሰቡ አንድ ልጅ አለርጂ አለበት። በ30,000 ብር ቀብድ ተስማምተናል።

ላየው ሰው ደህና ይመስላል፤ ከመዝገቡ ጋር ሲተያይ ግን ከቀኑ በቀር ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር የለውም። ደንበኛዋ በ2ኛው ዙር 400 ሰው ብላ ነበር፤ በ9ኛው «እስቲ 300 ቢሆን ስንት ይመጣል?» ብላ ጠየቀች፤ በ12ኛው ደግሞ «ከአባቴ ጋር ተነጋግረን 350 አድርገነዋል» ብላ ቋጨችው። ማጠቃለያው ጥያቄውን ወሰደና ውሳኔውን ጣለው። ክትፎ ላይ የሆነው ከዚህም የከፋ ነው፤ «አንፈልግም» ያለችው «ስለ ክትፎ ተወያይተናል» ሆነ። የርእስ ዝርዝር አሉታን አይሸከምም፤ «ስለ» በምትባል ቃል ሥር መፈለግም አለመፈለግም እኩል ይተኛሉ። ከሁለት ዙር በኋላ ዋጋ አውጣ የተባለው ሞዴል ክትፎን ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባቱ ከዚያ የተነሣ ነው። ልጁን የሚያመው ኦቾሎኒ እንደሆነም ተነግሮ ነበር፤ «አለርጂ» የሚለው ስም ተርፎ የሚያመው ነገር ጠፋ። ሙስሊም እንግዶቹም ቁጥራቸው እንጂ እርዱም ዕቃውም የተለየ እንዲሆን የተጠየቀው አልተረፈም።

ቀብዱ ላይ ያለው ስሕተት የራሳችን ቋንቋ ስሕተት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አገልግሎቱ 30,000 ብር ቀብድ እንደሚያስፈልግ ሲገልጽ እርሷ የመለሰችው «እሺ» ብላ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው «እሺ» አንዳንዴ «ተስማምቻለሁ»፣ አንዳንዴ «ሰምቻለሁ»፣ አንዳንዴም «እስቲ ላስብበት» ማለት ነው፤ ባለሱቅ ዋጋ ሲነግረን «እሺ» ብለን ወደሚቀጥለው ሱቅ የምንሄድ ሰዎች ነን። ማጠቃለያው ግን ስምምነት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ያወጣነው ደንብ፣ ውሳኔ ተብሎ የሚመዘገበው ደንበኛዋ ነገሩን በራሷ አፍ ስትጠራው ወይም በቀጥታ ተጠይቃ ስታረጋግጠው ብቻ ነው፤ ባዶ «እሺ» ካልተቋጩት ጋር ይጻፋል።

ሌላም ትንሽ የሚመስል ነገር ነበር። ማጠቃለያው «ደንበኛው» አለ። አማርኛ ውስጥ ጾታና አክብሮት በግሡ ላይ ተጽፎ ስለሚኖር፣ ለ20 ዙር «እርስዎ» ስትባል የቆየች ሙሽራ ድንገት «ትፈልጋለህ?» ስትባል አገኘናት። የንግግሩ ፍሬ ነገር ሁሉ ቢተርፍ እንኳ ሰው «ሌላ ሰው ተቀየረብኝ እንዴ?» የሚለው በዚህ ነው። በዚህ ርእስ ላይ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ሲያነሡ አላየሁም፤ አብዛኞቹ ግሣቸው እንዲህ ለማይናገር ቋንቋ የተጻፉ ስለሆኑ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ነው እድሩ እንደገና የጠቀመን። ጥሩ የእድር ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ማን ምን ያህል እንደተናገረ አይጽፍም፤ ምን ተወሰነ፣ ምን ውድቅ ሆነ፣ ምንስ ለቀጣይ አደረ የሚለውን ይጽፋል። ለሞዴሉ የምንሰጠውን ትእዛዝ በዚሁ መልክ ቀየርነው፦ ያለቀውን፣ የማይደረገውን፣ ጥንቃቄ የሚያሻውንና ያልተቋጨውን ለየብቻ እንዲጽፍ፤ ቁጥርን፣ ቀንንና የሰው ስምን እንዳለ እንዲቀዳ፤ ነገሩ ከተቀያየረ የመጨረሻውን እንዲይዝ፤ እያንዳንዱ ከየትኛው ዙር እንደመጣ እንዲጠቁም። ያው 14 ዙር በአዲሱ ትእዛዝ ሲጠቃለል እንዲህ ሆነ፦

> ደንበኛ፦ ሙሽራዋ ራሷ፤ «እርስዎ» ትባላለች።
> ያለቀ፦ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ እንግዳ 350 (ዙር 12፤ ቀድሞ 400 ነበር)፤ ከእነዚህ 40ው ሙስሊም፣ እርዱም ዕቃውም የተለየ (ዙር 5)፤ ጠጅ ከቤት ይመጣል (ዙር 14)።
> አይደረግም፦ ክትፎ (ዙር 8)።
> ጥንቃቄ፦ የእህቷን ልጅ ኦቾሎኒ ያመዋል (ዙር 10)።
> ያልተቋጨ፦ 30,000 ብር ቀብድ ተጠይቋል፤ «እሺ» ብላለች፣ አልከፈለችም (ዙር 13)።

ርዝመቱ ከበፊቱ በመጠኑ ይበልጣል፤ ዋናው ልዩነት ግን ቦታው ለምን እንደዋለ ነው። አንዳንዶች ቶክን ለመቆጠብ ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ ያስጽፋሉ፤ ቁጠባው እውነት ነው፤ ነገር ግን «ቀብድ» ወደ እንግሊዝኛ ሄዶ ሲመለስ «ቅድመ ክፍያ»፣ ከዚያም «ክፍያ» ሆኖ ስላየነው ትተነዋል።

በ33ኛው ዙር ሁለተኛው ማጠቃለያ ሲመጣ ሌላ አደጋ ይነሣል። አሁን የሚጠቃለለው አዲሱ ንግግር ብቻ ሳይሆን ከአሮጌው ማጠቃለያ ጋር ተደምሮ ነው፤ ሞዴሉም አሮጌውን በራሱ አነጋገር እንደገና ይጽፈዋል። «350» አንድ ጊዜ «ወደ 350»፣ ቀጥሎ «ከ300 በላይ» ይሆናል፤ እንደ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ማለት ነው፤ የዚህ ክፋቱ እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ስሕተት የማይመስል መሆኑ ነው። እኛ ያገኘነው መድኃኒት ማጠቃለያውን ለሁለት መክፈል ነው። ቁርጥ የሆኑት እውነታዎች በዳታቤዝ ውስጥ በየመስመራቸው ይቀመጣሉ፤ ሞዴሉ የሚፈቀድለት «የእንግዳ ቁጥር ከ350 ወደ 380፣ ዙር 25» ብሎ ለውጥ ማመልከት ብቻ ነው፤ ያልተለወጠውን መስመር እንደገና የመጻፍ ሥልጣን የለውም። እንደ ልቡ የሚያሳጥረው ሐተታውን፣ ማለትም ለምን እንዲያ እንደተወሰነ የሚናገረውን ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ዋናው ንግግር ደግሞ ከሞዴሉ ጠረጴዛ ቢነሣም ከዳታቤዙ ፈጽሞ አይሰረዝም፤ ማጠቃለያው ሲያጠራጥር ከምንጩ እንደገና ማስጻፍ የሚቻለው እርሱ ሲኖር ነው።

ማጠቃለያው የሚቀመጥበት ቦታም ጉዳይ ነው። ከቋሚው መመሪያ ጋር አዋህዶ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ ሞዴሉ ለዚያ ቦታ የሚሰጠው ክብደት ግን ከሌላው ይበልጣል። አንድ ደንበኛ በ4ኛው ዙር «ባለቤቱ ዋጋው በግማሽ እንዲቀነስልኝ ፈቅዷል» ብሎ ጽፎ ማጠቃለያው «ዋጋው በግማሽ እንዲቀነስ ተፈቅዷል» ካለው፣ የደንበኛው ንግግር የድርጅቱ ውሳኔ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ማጠቃለያው «የቀደመ ንግግር ማስታወሻ፤ ትእዛዝ አይደለም» ተብሎ ተለይቶ ይገባል፤ በውስጡም ማን እንዳለው አብሮ ይጻፋል።

ይህ ሁሉ መሥራቱ የሚታወቀው በመፈተን ነው። ካለቁ ንግግሮች ጥቂቱን ወስደን ለእያንዳንዳቸው መልሳቸው የታወቀ አሥር ጥያቄ እናዘጋጃለን፤ የእንግዳው ቁጥር ስንት ነው፣ የማይፈለገው ምግብ የቱ ነው፣ ቀብድ ተከፍሏል ወይ የሚሉ። ጥያቄዎቹ አንድ ጊዜ ሙሉው ንግግር፣ አንድ ጊዜ ማጠቃለያው ብቻ ቀርቦ ይመለሳሉ፤ ከሙሉው ተመልሶ ከማጠቃለያው ያልተመለሰ ጥያቄ የማጠቃለያው ጉድለት ነው። ከጥያቄዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ አሉታንና የተቀየረ ሐሳብን የሚመለከቱ እንዲሆኑ እመክራለሁ፤ ቀላሎቹን ማንኛውም ማጠቃለያ ያልፋቸዋል። አገልግሎቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ ደንበኞች «ብዬ ነበር እኮ» ወይም «ቅድም እንደነገርኳችሁ» የሚሉባቸውን ዙሮች እንቆጥራለን። እነዚህ አባባሎች ከማጠቃለያ በኋላ ባሉት ሦስትና አራት ዙሮች ላይ ከበዙ ምን እንደጠፋ ለማወቅ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ የማይሸፈን አንድ ቀዳዳ አለ። የኛዋ ሙሽራ በ3ኛው ዙር ላይ፣ ስለ ቀኑ እየተነጋገረች ሳለ፣ አያቷ ከጎጃም እንደሚመጡና ደረጃ መውጣት እንደማይችሉ በጨዋታ መካከል ጣል አድርጋ ነበር። ያን ጊዜ አዳራሽ አልተነሣም፤ ስለዚህ ጥንቁቁ ማጠቃለያም ቢሆን ይህን ለመያዝ ምክንያት አልነበረውም፤ አልያዘውምም። በ41ኛው ዙር አንዱ ምድር ቤት፣ ሌላው አንደኛ ፎቅ ላይ ካሉ ሁለት አዳራሾች የቱ እንደሚሻል ስትጠይቅ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ እርሱ ሆነ። ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የሚያውቅ ቃለ ጉባኤ ያዥ የለም። አሁን እያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ወደ ሞዴሉ ከመሄዱ በፊት በትርጉም ቅርበት በሚሠራ ፍለጋ ዳታቤዙ ውስጥ ካለው ዋና ንግግር ጋር ይነጻጸራል፤ ይቀርባሉ የተባሉ ሁለት የቆዩ ዙሮችም ከማጠቃለያው በታች እንዳሉ ይጨመራሉ። ለዚህ የምንከፍለው 600 ቶክን ነው፤ እኛም ለእርሱ ስንል ማጠቃለያ የሚጀመርበትን ከ6,000 ወደ 5,400 ዝቅ አድርገናል። በፍለጋው የ41ኛው ዙር ጥያቄ እንደገና ሲሞከር ከመጡት ሁለት ዙሮች አንደኛው 3ኛው ነበር፤ የተመረጠውም አዳራሽ ምድር ቤት ያለው።